ከፕሮባብሊቲ ሰንጠረዥ የሚጠበቅ ዋጋንና ቫሪያንስን ማስላት፦ ደረጃ በደረጃ

«ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ ሰንጠረዡም ተሰጥቶኛል፣ ነገር ግን ቫሪያንሱ ከመልሱ ጋር አልገጠመልኝም፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» የሚለው ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዳንዱ ጠያቂ ቫሪያንሱ ኔጌቲቭ ሆኖበት ይመጣል፤ ሌላው ደግሞ ለትክክለኛው መልስ በጣም የቀረበ ቁጥር አግኝቶ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የተላኩልኝን ስሌቶች መስመር በመስመር ስከታተል ጥፋቱ ቀመሩን ባለማወቅ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአብዛኛው ችግሩ የትኛው ቁጥር ካሬ እንደሚደረግና የትኛው እንዳለ እንደሚቀር መምታታቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ሰንጠረዥ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን፤ እግረ መንገዳችንንም እያንዳንዱ ስህተት ምን ዓይነት መልስ እንደሚያመጣ እናያለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ አምስት ዓምዶች የሚያሰፋ ወረቀትና እርሳስ። ዓምዶቹን በጠባብ ቦታ ማጨናነቅ የአንዱን ረድፍ ቁጥር ከሌላው ረድፍ ጋር ለማባዛት ያጋልጣል።
- ካሬና ስኩዌር ሩት የሚሠራ ካልኩሌተር።
- የአስርዮሽ ቁጥሮችንና የኔጌቲቭ ቁጥሮችን ማባዛትና መደመር መቻል። ከዚህ ያለፈ የሒሳብ ዕውቀት አያስፈልግም።

የምንሠራበት ሰንጠረዥ

አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር የሚያገኘውን ነጥብ X እንበለው። ተጫዋቹ 2 ነጥብ ሊያጣ፣ ምንም ላያገኝ፣ 1 ነጥብ ሊያገኝ ወይም 4 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። የ X ዋጋዎች እንዲህ አንድ በአንድ ተቆጥረው ሊዘረዘሩ ስለሚችሉ X ዲስክሪት ራንደም ቫሪያብል ይባላል። የእያንዳንዱ ዋጋ ፕሮባብሊቲ፣ ማለትም የመከሰት ዕድሉ፣ በሚከተለው ሰንጠረዥ ተሰጥቷል፤ አንደኛው ግን አይታወቅም።

| x | −2 | 0 | 1 | 4 |
|---|---|---|---|---|
| P(X = x) | 0.2 | 0.3 | k | 0.1 |

ይህን ሰንጠረዥ የመረጥኩት ኔጌቲቭ ዋጋ፣ ዜሮና ያልታወቀ ፕሮባብሊቲ በአንድ ላይ ስለያዘ ነው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚደናቀፉባቸው እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፕሮባብሊቲዎቹን ይደምሩ፣ ያልታወቀውንም ያግኙ

ማንኛውንም ነገር ከማባዛትዎ በፊት የፕሮባብሊቲዎቹን ረድፍ ይደምሩ። ድምሩ በትክክል 1 መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ፕሮባብሊቲ ከ0 ያላነሰና ከ1 ያልበለጠ መሆን ይገባዋል። በእኛ ሰንጠረዥ፦

0.2 + 0.3 + k + 0.1 = 1

ስለሆነም k = 0.4 ነው። በሌላ ጥያቄ ላይ k² ያለበት እኩልታ ገጥሞዎት ሁለት መልሶች ቢያገኙ፣ እያንዳንዱን መልስ ወደ ሰንጠረዡ መልሰው በማስገባት ኔጌቲቭ የሆነ ወይም ከ1 የበለጠ ፕሮባብሊቲ የሚያመጣውን ይጣሉት።

ይህ ደረጃ የሚቀድመው ለሥርዓት ያህል አይደለም። በደረጃ 6 የምንጠቀምበት የቫሪያንስ አቋራጭ ቀመር ትክክል የሚሆነው የፕሮባብሊቲዎቹ ድምር 1 ሲሆን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን እዚያው ስንደርስ አሳያለሁ። ድምሩ 0.9 ወይም 1.1 ከሆነ አንድ ረድፍ ተዘሏል፣ ወይም አንድ ቁጥር በስህተት ተገልብጧል፤ ስለዚህ ሳያስተካክሉት ወደፊት አይሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ጥያቄዎች የሚሰጡት የእያንዳንዱን ዋጋ ፕሮባብሊቲ ሳይሆን እየተደመረ የሚሄደውን፣ ማለትም P(X ≤ x) የሚለውን ነው። ይህን የሚያውቁት ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ፈጽሞ የማይቀንሱና የመጨረሻው 1 ሲሆን ነው። የእኛ ሰንጠረዥ በዚያ መልክ ቢቀርብ 0.2፣ 0.5፣ 0.9፣ 1 ተብሎ ይጻፍ ነበር። እንዲህ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊቱ ያለውን ይቀንሱ፤ ያን ጊዜ 0.2፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.1 ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እንደማንኛውም ሰንጠረዥ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰንጠረዡን ወደ ታች አዙረው አምስት ዓምዶች ያዘጋጁ

ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡን በአግድም ይሰጣሉ። እርስዎ ግን ወደ ታች አዙረው ይጻፉት፤ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ሥር ሲሰለፉ መደመር ይቀላል፣ አንድ ረድፍ ቢዘለልም ወዲያው ይታያል። ዓምዶቹን በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሰይሙ፦ x፣ p፣ xp፣ x²፣ x²p። በስያሜዎቹ ውስጥ p የትም ቦታ ካሬ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ፕሮባብሊቲ ለእያንዳንዱ ዋጋ የሚሰጥ ክብደት ነው፤ የምንመዝነው ነገር ከ x ወደ x² ሲለወጥ ክብደቱ ግን አብሮ አይለወጥም። ተጫዋቹ −2 የሚያገኝበት ዕድል 0.2 ከሆነ፣ የነጥቡ ካሬ 4 የሚሆንበትም ዕድል ያው 0.2 ነው፤ የተለወጠው የምንጽፈው ቁጥር እንጂ የሚከሰተው ነገር አይደለም።

ደረጃ 3፦ የ xp ዓምድን ሞልተው ይደምሩ

እያንዳንዱን ዋጋ በራሱ ረድፍ ባለው ፕሮባብሊቲ ያባዙ፦

- −2 × 0.2 = −0.4
- 0 × 0.3 = 0
- 1 × 0.4 = 0.4
- 4 × 0.1 = 0.4

የዚህ ዓምድ ድምር የሚጠበቀው ዋጋ ነው፦

E(X) = −0.4 + 0 + 0.4 + 0.4 = 0.4

እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ድምሩን ለምንም ነገር አያካፍሉ። ከተራ አማካይ ጋር የለመደ እጅ «አራት ዋጋዎች ስላሉ ለ4 ላካፍል» ይላል፤ ነገር ግን ማካፈሉ በፕሮባብሊቲዎቹ ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቷል። 0.2 ማለት ከአጠቃላዩ አንድ አምስተኛ ማለት ነው፤ የክብደቶቹም ድምር 1 ስለሆነ ማካፈል ቢያስፈልግ እንኳ የምናካፍለው ለ1 ነበር።

0.4 ነጥብ የሚባል ውጤት በአንድም ዙር አይገኝም፤ ይህም ስህተት አይደለም። የሚጠበቅ ዋጋ በጣም ብዙ ዙሮች ሲደጋገሙ በአንድ ዙር በአማካይ የሚደርሰው ነጥብ ነው፤ በ1000 ዙሮች ወደ 400 ነጥብ ገደማ እንደሚሰበሰብ ይነግረናል እንጂ ቀጣዩ ዙር ምን እንደሚያመጣ አይናገርም። ስለዚህ መልሱ ከሰንጠረዡ ዋጋዎች አንዱን እንዲሆን ብለው 0.4ን ወደ 0 ወይም ወደ 1 አያጠጋጉት።

ደረጃ 4፦ የ x² ዓምድን ይሙሉ

አሁን ዋጋዎቹን ብቻ በየራሳቸው ያባዙ፦ (−2)² = 4፣ 0² = 0፣ 1² = 1፣ 4² = 16። በዚህ ዓምድ ውስጥ አንድም ኔጌቲቭ ቁጥር ሊኖር አይችልም፤ ካለ ስህተት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች ላይ −2² ብለው ያለ ቅንፍ ቢጽፉ መልሱ −4 ይሆናል፤ መሣሪያው መጀመሪያ 2ን ካሬ አድርጎ ምልክቱን በኋላ ስለሚያኖርበት ነው። ሁልጊዜ (−2)² ብለው በቅንፍ ይጻፉ። ይህ ስህተት አደገኛ የሚሆነው መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቫሪያንስ ፖዘቲቭና ሊታመን የሚችል ሊሆን ስለሚችል ነው። በእኛ ሰንጠረዥ 4 በሚገባበት ቦታ −4 ቢገባ ቫሪያንሱ 1.04 ይሆናል፤ መልሱን ብቻ አይቶ የሚጠረጥረው የለም።

ደረጃ 5፦ የ x²p ዓምድን ሞልተው ይደምሩ

የካሬውን ዓምድ በየረድፉ ባለው ፕሮባብሊቲ ያባዙ። ሙሉው ሰንጠረዥ አሁን ይህን ይመስላል፦

| x | p | xp | x² | x²p |
|---|---|---|---|---|
| −2 | 0.2 | −0.4 | 4 | 0.8 |
| 0 | 0.3 | 0 | 0 | 0 |
| 1 | 0.4 | 0.4 | 1 | 0.4 |
| 4 | 0.1 | 0.4 | 16 | 1.6 |
| ድምር | 1 | 0.4 | | 2.8 |

የመጨረሻው ዓምድ ድምር E(X²) = 2.8 ነው። የ x² ዓምድን ድምር ባዶ የተውኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያ ድምር ለምንም ስለማይጠቅም መጻፉ በኋላ በስህተት እንዲያነሱት ከመጋበዝ በቀር ፋይዳ የለውም።

የ x²p ዓምድን ለመሙላት ሌላም መንገድ አለ፤ የ xp ዓምድን እንደገና በ x ማባዛት። −0.4 × −2 = 0.8፣ 0.4 × 1 = 0.4፣ 0.4 × 4 = 1.6 ይሆናል። በእጅ ሲሠራ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ቁጥሮቹ ያነሱ ናቸው፣ የ x² ዓምድን በተለየ መንገድ ስለሚያረጋግጥም የምልክት ስህተትን ያጋልጣል። የ xp ዓምድን በራሱ ማባዛት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ፕሮባብሊቲውንም ካሬ ያደርገዋል።

ደረጃ 6፦ የሚጠበቀውን ዋጋ ካሬ ይቀንሱ

Var(X) = E(X²) − [E(X)]²

Var(X) = 2.8 − (0.4)² = 2.8 − 0.16 = 2.64

በዚህ መስመር ላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች አሉ። E(X²) ማለት መጀመሪያ ካሬ አድርገን በኋላ የመዘንነው ነው፤ [E(X)]² ማለት ደግሞ መጀመሪያ መዝነን በኋላ ካሬ ያደረግነው ነው። ቅደም ተከተሉ የተለያየ ስለሆነ ውጤታቸውም የተለያየ ነው፤ አንደኛው 2.8፣ ሌላኛው 0.16 ሆኗል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ቫሪያንሱ ዜሮ ይሆን ነበር፤ ይህም የሚሆነው X አንድ ዋጋ ብቻ ሲኖረው ነው።

ቀመሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ የሚከተለውን ይመልከት። ቫሪያንስ በትርጉሙ እያንዳንዱ ዋጋ ከሚጠበቀው ዋጋ የሚርቅበት ርቀት ካሬ ሆኖ፣ በፕሮባብሊቲው ተመዝኖ የሚደመር ነው። የሚጠበቀውን ዋጋ m ብንለው ርቀቱ በካሬ ሲዘረዘር ይህ ይሆናል፦

(x − m)² = x² − 2mx + m²

እያንዳንዱን ክፍል በ p አባዝተን በሁሉም ረድፎች ላይ ስንደምር የመጀመሪያው E(X²) ይሆናል፤ ሁለተኛው −2m × m፣ ማለትም −2m² ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ m² በፕሮባብሊቲዎቹ ድምር የተባዛ ነው። ድምሩ 1 ከሆነ ሦስተኛው m² ሆኖ ይቀራል፤ በጠቅላላው E(X²) − m² እናገኛለን። ድምሩ 1 ካልሆነ ይህ መቀናነስ ስለማይሠራ አቋራጩ ቀመር ትርጉም ያጣል። በደረጃ 1 ላይ የያዝነው ጥንቃቄ ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ያውጡ

የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት √2.64 ≈ 1.62 ነው። ቫሪያንስ የሚለካው በካሬ መለኪያ ነው፤ X በነጥብ ከተለካ ቫሪያንሱ «ነጥብ ካሬ» ስለሚሆን ከ0.4 ነጥብ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም። ስኩዌር ሩቱ ግን ወደ ነጥብ ይመልሰናል። ጥያቄው ቫሪያንስን ብቻ ከጠየቀ ይህን ደረጃ በመልስነት አይጻፉት፤ ለሚቀጥለው ማረጋገጫ ግን ይጠቅምዎታል።

ደረጃ 8፦ መልሱን በሁለተኛው መንገድ ያረጋግጡ

ፈጣኑ ማረጋገጫ በዓይን የሚሠራ ነው። የሚጠበቀው ዋጋ በትንሹና በትልቁ ዋጋ መካከል መሆን አለበት፤ 0.4 በ−2 እና በ4 መካከል ነው። ቫሪያንሱ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ከትልቁ እስከ ትንሹ ዋጋ ካለው ርቀት ግማሽ ሊበልጥ አይችልም፤ የእኛ ርቀት 6 ስለሆነ ግማሹ 3 ነው፣ 1.62 ደግሞ ከዚያ በታች ነው።

እነዚህ ትላልቅ ስህተቶችን ይይዛሉ፤ ትናንሾቹን ግን ያሳልፋሉ። ጊዜ ካለዎት ቫሪያንሱን በቀጥታ ከትርጉሙ ያስሉት፦

| x | p | x − 0.4 | (x − 0.4)² | (x − 0.4)² p |
|---|---|---|---|---|
| −2 | 0.2 | −2.4 | 5.76 | 1.152 |
| 0 | 0.3 | −0.4 | 0.16 | 0.048 |
| 1 | 0.4 | 0.6 | 0.36 | 0.144 |
| 4 | 0.1 | 3.6 | 12.96 | 1.296 |
| ድምር | 1 | | | 2.64 |

ሁለቱም መንገዶች 2.64 ሰጥተዋል። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የዜሮውን ረድፍ ይመልከቱ። በአቋራጩ መንገድ 0 በምንም ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ ረድፉን መዝለል መልሱን አይጎዳውም፤ በዚህኛው መንገድ ግን ዜሮ ከ0.4 ስለሚርቅ የራሱን 0.048 ያዋጣል። ረድፉን የዘለለ ሰው 2.592 አግኝቶ ሁለቱ መንገዶች ለምን እንዳልተስማሙ ይገረማል። ደግሞም በሩቅ የቆመው 4 በ0.1 ዕድል ብቻ ከጠቅላላው 2.64 ውስጥ 1.296ቱን፣ ማለትም ግማሽ ያህሉን እንደሚያመጣ ልብ ይሏል፤ ርቀት ካሬ ሲደረግ ብርቅ የሆነ ግን ሩቅ የሆነ ዋጋ ከባድ ይሆናል።

ፕሮባብሊቲዎቹ ክፍልፋይ ሲሆኑ

ሁለት ዳይሶች ተጥለው የሚበልጠው ቁጥር ቢመዘገብ (እኩል ከሆኑ ያው ቁጥር)፣ ከ1 እስከ 6 ያሉት ዋጋዎች ፕሮባብሊቲ በቅደም ተከተል 1/36፣ 3/36፣ 5/36፣ 7/36፣ 9/36 እና 11/36 ነው። እንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ ሲገጥምዎ ክፍልፋዮቹን ወደ አስርዮሽ አይለውጡ፣ አያቃልሏቸውም፤ ታህቱ ለሁሉም 36 ሆኖ ይቆይና በዓምዶቹ ውስጥ ላዕሎቹን ብቻ ይጻፉ።

የ xp ዓምድ ላዕሎች 1፣ 6፣ 15፣ 28፣ 45፣ 66 ሲሆኑ ድምራቸው 161 ነው፤ ስለዚህ E(X) = 161/36 ≈ 4.472። የ x²p ላዕሎች ደግሞ 1፣ 12፣ 45፣ 112፣ 225፣ 396 ሲሆኑ ድምራቸው 791 ነው። ከዚያም፦

Var(X) = 791/36 − (161/36)² = 2555/1296 ≈ 1.971

የማጠጋጋት ጉዳት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የሚጠበቀውን ዋጋ ወደ 4.5 አጠጋግቶ የቀነሰ ሰው 21.972 − 20.25 = 1.722 ያገኛል። ከ4.472 ወደ 4.5 ያለው ልዩነት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ካሬ ሲደረግ ሩብ ያህል ስለሚሆን መልሱን ያበላሸዋል። ፕሮባብሊቲዎቹን በሁለት አስርዮሽ 0.03፣ 0.08፣ 0.14፣ 0.19፣ 0.25፣ 0.31 ብሎ የጻፈ ደግሞ ድምሩ በትክክል 1.00 ስለሚሆንለት ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል፤ ቫሪያንሱ ግን 1.990 ገደማ ይሆንበታል። ስለዚህ የድምር ማረጋገጫው የማጠጋጋትን ስህተት እንደማይይዝ ይወቁ። ማጠጋጋት የሚገባው በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው።

ዋጋዎቹ ትላልቅ ሲሆኑ

የመጀመሪያው ሰንጠረዛችን ፕሮባብሊቲዎች እንዳሉ ሆነው ዋጋዎቹ 998፣ 1000፣ 1001 እና 1004 ቢሆኑ E(X) = 1000.4፣ E(X²) ደግሞ 1000802.8 ይሆናል። 1000.4ን ወደ 1000 ያጠጋጋ ሰው 1000802.8 − 1000000 = 802.8 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው መልስ ግን አሁንም 2.64 ነው።

መፍትሔው ከሁሉም ዋጋዎች ላይ አንድ የሚመች ቁጥር፣ እዚህ 1000ን፣ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ዋጋዎቹ −2፣ 0፣ 1፣ 4 ይሆኑና የተሠራውን ሰንጠረዥ እናገኛለን። ሁሉም ዋጋዎች እኩል ሲንሸራተቱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ቫሪያንሱ እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ሚጠበቀው ዋጋ ላይ ብቻ የቀነስነውን 1000 መልሰን እንጨምራለን። በቫሪያንሱ ላይ ምንም አይጨመርም።

በስፕሬድሺት ሲሠራ

ዋጋዎቹን ከ A2 እስከ A5፣ ፕሮባብሊቲዎቹን ከ B2 እስከ B5 ካስገቡ በኋላ የሚከተሉትን በሦስት የተለያዩ ሴሎች ይጻፉ፤ የመጀመሪያው የድምር ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው የሚጠበቀው ዋጋ፣ ሦስተኛው ቫሪያንሱ ነው፦

```
=SUM(B2:B5)
=SUMPRODUCT(A2:A5,B2:B5)
=SUMPRODUCT(A2:A5^2,B2:B5)-SUMPRODUCT(A2:A5,B2:B5)^2
```

AVERAGE እና VAR.S የሚባሉትን እዚህ አይጠቀሙ፤ ሁለቱም የ A ዓምድን ብቻ አይተው ለአራቱም ዋጋዎች እኩል ክብደት ይሰጣሉ፣ ፕሮባብሊቲዎቹን ጨርሶ አያዩም። VAR.S ከዚህም አልፎ በ n − 1 ያካፍላል። ያ ማካፈል ከናሙና በተሰበሰበ መረጃ ላይ ለሚሠራ ግምት ነው፤ የፕሮባብሊቲ ሰንጠረዥ ግን ናሙና ሳይሆን ሙሉው ስርጭት ስለሆነ የሚገመት ነገር የለም።

የተለመዱ ስህተቶችና ምልክቶቻቸው

መልስዎ ካልገጠመ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ ያገኙትን ቁጥር ከሚከተሉት ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ራሱ የተሳሳቱበትን ቦታ ይነግርዎታል።

| ያገኙት | የሠሩት ስህተት |
|---|---|
| E(X) = 0.75 | ፕሮባብሊቲውን ትተው አራቱን ዋጋዎች ደምረው ለ4 አካፍለዋል |
| E(X) = 0.1 | በትክክል አባዝተው ደምረው ሳለ እንደገና ለ4 አካፍለዋል |
| Var(X) = 2.8 | E(X²) ላይ አቁመዋል፤ ምንም አልቀነሱም |
| Var(X) = 2.4 | E(X)ን ካሬ ሳያደርጉ ቀንሰዋል |
| Var(X) = 1.04 | −2ን ካሬ ሲያደርጉ −4 ወስደዋል |
| Var(X) = 0.32 | የ xp ዓምድን በራሱ አባዝተዋል፤ ፕሮባብሊቲውም ካሬ ሆኗል |
| Var(X) = −2.64 | መቀነሱን ገልብጠውታል |

ከእነዚህ ውስጥ 2.4 ለትክክለኛው መልስ በጣም ስለሚቀርብ በማጠጋጋት የመጣ ልዩነት ነው ተብሎ ይታለፋል። የ xp ዓምድን በራሱ ማባዛት ደግሞ መልኩን ይለዋውጣል። በእኛ ሰንጠረዥ ኔጌቲቭ ዋጋ ስላለ የሰጠው መልስ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ሁሉም ዋጋዎች ፖዘቲቭ በሆኑበት ሰንጠረዥ ግን ከአንድ በላይ ረድፍ እስካለ ድረስ ይህ ስህተት ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ቫሪያንስ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ፖዘቲቭ የሆኑ ቁጥሮች በየራሳቸው ካሬ ሆነው ሲደመሩ ከድምራቸው ካሬ ያንሳሉ። በዳይሶቹ ምሳሌ ብናደርገው −14.27 ገደማ ያመጣል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ዋጋዎች ብቻ ባሉበት ሰንጠረዥ ቫሪያንስዎ ኔጌቲቭ ከወጣና መቀነሱን ካልገለበጡ፣ በመጀመሪያ የሚመለከቱት የ x²p ዓምድን ይሁን፤ እያንዳንዱን ረድፍ በ p ሲያካፍሉት x² መልሶ ካልሰጠዎት ፕሮባብሊቲው ሁለት ጊዜ ገብቷል።